የአውራ ጣት ምልክት

ግንቦት ነው፣ ቅዳሜ። እማማ ጥሩነሽ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ነው። ፀሐይ ያገኘው ፍሬ እጅ ያታልላል፤ ለመምረጥ ፍሬው ገና ቀዝቀዝ እንዳለ መድረስ ይሻላል። የ9 ዓመቷ ቤዛ ዘንቢሉን አንጠልጥላ ከኋላ ከኋላ ትላለች።

«አቮካዶውን ዛሬ አንቺ ነሽ የምትመርጪው። ሦስት ለምሳ፣ ሦስት ለማክሰኞ።»

ቤዛ ከክምሩ ላይ አንዱን አነሳችና በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። እማማ እጇን ያዝ አደረጓት።

«በጣት አይጫንም። መብሰል የጀመረ ከሆነ ጣትሽ ያረፈበት ቦታ ውስጥ ውስጡን ይጠቁራል። ዛሬ አታይውም። በይ መዳፍሽ ላይ አስቀምጪው፤ እንቁላል እንደያዝሽ በሙሉ እጅሽ ጨበጥ አድርጊው።»

«ትንሽ እሺ አለኝ።»

«እሺ ካለሽና መልሶ ከሞላ ለምሳ ይሆናል። ገብቶ ከቀረ አልፎበታል። እንደ ድንጋይ ከሆነ ለማክሰኞ ነው፤ ግን ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም።» ሁለት ጠንካራ አቮካዶዎች ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንደኛው እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፤ ሌላው ደብዘዝ ብሏል። «ይሄ የሚያብለጨልጨው ሳይደርስ የተቀጠፈ ነው። ሳምንት ብታስቀምጪው ይጨማደዳል፣ እንደ ጎማ ይሆናል እንጂ አይበስልም። ደብዘዝ ያለውን ውሰጂ።»

ከዚያ በጥፍራቸው የአንዱን እንብርት፣ ያቺን የቀረች የግንድ ቁራጭ፣ ፈንቀል አደረጓት። ሥሩ አረንጓዴ ነው።

«ቡናማ ቢሆን ኖሮ ውስጡም እንደዚያው ነበር።»

ነጋዴው ከወንበሩ ተነሳ። «እማማ፣ ይሄን ሁሉ እንብርት ከነቀሉብኝማ ንፋስ እየገባበት ይበላሽብኛል!»

«አንድ ነው የነቀልኩት፤ እሱንም እወስደዋለሁ። ልጅቷ የጫነችውንም ጨምር፣ ሰባተኛ ይሁን። ሌላ ሰው ለምን ይገዛዋል?»

ኪሎው 90 ብር ነው ብሎ 80 ላይ ተስማሙ።

ማንጎው ጋ ቤዛ በቀጥታ ወደ ቀዩ ሄደች። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ቀይ ጉንጭ የዘሩና ያገኘው የፀሐይ ነገር ነው፤ ስለ መብሰሉ ብዙም አይናገርም። እማማ አረንጓዴ የመሰለ አንዱን አንስተው ትከሻውን አሳዩዋት፤ ከግንዱ መያዣ ግራና ቀኝ ሞልቶ ከፍ ብሏል፣ መያዣው ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ገብቷል። ቀዩ ግን ትከሻው የተንሸራተተ ነው።

«አሁን አሽትችው። ጎኑን አይደለም፣ እዚህ፣ ግንዱ ጋ።»

«ማር ማር ይላል።»

«ይሄኛውስ?»

ቤዛ አፍንጫዋን ጨማደደች። «ጠላ።»

«ወደዚያ መልሽው።»

ብርቱካን ላይ ብዙ አልቆዩም። ብርቱካን ከዛፍ ከወረደ በኋላ ከነበረው በላይ አይጣፍጥም፤ ቤት ወስዶ ማቆየት ትርጉም የለውም። እማማ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ብርቱካኖች በልጅቷ ሁለት እጅ ላይ አኖሩ፤ ከባዱ ውሃ አለው፣ ቀላሉ ልጣጩ ብቻ ነው። ሙዝ ደግሞ ማዕዘኑ የሾለው ገና ያልሞላ ነው፤ ክብ ያለውን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ የቀረበትን ወሰዱ።

ቤት ሲደርሱ ቤዛ ጠንካራዎቹን አቮካዶዎች ፍሪጅ ልትከት ስትል ተከለከለች። ጥሬ አቮካዶ ብርድ ካገኘው ባለበት ይቀራል። ሦስቱን ከሁለት የበሰሉ ሙዞች ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልለው ጓዳ አስቀመጡ።

«ሙዙ ለምንድነው?»

«የበሰለ ሙዝ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ሌላውን ያበስለዋል። በፌስታል ግን እንዳታደርጊው፤ ላብ ይይዘውና ይሻግታል።»

ሰባተኛውን ለብቻው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ቤዛ እሑድ አየችው፤ ምንም የለበትም። ሰኞም እንዲሁ፣ ልጣጩ ንጹሕ ነው።

«እማማ፣ ምንም አልሆነም እኮ።»

እማማ ቢላዋ አነሱ። ለሁለት ከፍለው ዘሩን አወጡና ልጣጩን ቀስ ብለው ገፈፉት። ሥጋው ቅቤ መስሏል፤ አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ግራጫ ወደ ጥቁር የሚወስደው ሞላላ ቦታ አለ።

ቤዛ አውራ ጣቷን ላዩ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ።