ሁለተኛው ድስት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አስካለ ከሁለተኛው ድስት በጭልፋ ጫፍ ወጥ ቀንሳ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ላሰች። ፊቷ አልተለወጠም። ሰው ሠርግ ላይ ወጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ መቅመስን ይለምዳል፤ ድግስ ቤት ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን አይጠፋም። አፏን በውኃ ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ ደግማ ቀመሰች።

"መሠረት፣ ነይ እስቲ።"

መሠረት ቀመሰች። ከአስካለ ጋር ስትወጣ ገና ሁለተኛ ሠርጓ ነው፤ ፊቷ ወዲያው ተኮማተረ። "ውይ እትዬ! ይሄ እኮ ጨው ነው!"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

ከእንጦጦ የሚወርደው የጥር ብርድ የሽሮ ሜዳን ጓሮዎች ሁሉ አደንዝዟል። ከእድር የመጡት ሦስት ትልልቅ ብረት ድስቶች ጉልቻቸው ላይ ተጥደዋል። በመጀመሪያው አሥራ አምስት ዶሮ፣ በሁለተኛው አሥራ አምስት ዶሮ። በሦስተኛው የሥጋ ወጡ ቁሌት ብቻ ነው ያለው፤ በርበሬውን ጠጥቶ፣ ቅቤውን ይዞ፣ ከስሎና ጠቁሮ ሥጋውን ይጠብቃል። ማታ የታረደው ሰንጋ የወጥ ሥጋ ተከትፎ በሳፋ ተከድኗል። እንግዳ የሚገባው በሰባት ሰዓት ነው። ሰው በጥር የሚጋባው ጾሙ ሳይገባ ለመድረስ ነውና በዚያ ሰሞን ሌላ ዶሮ፣ ሌላ ሽንኩርት ላጭ፣ ሌላ ወጥ ሠሪ በእሑድ ሌሊት ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

አስካለ ወደ መጀመሪያው ድስት ሄዳ ቀመሰች። ልክ ነው፤ እንዲያውም ጨው ትንሽ ያንሰዋል።

"ለሁለቱም እኩል ነው የጨመርሽው?"

"በዚያችው ኩባያ፣ እርስዎ እያዩኝ! እንዲያውም ለሁለተኛው ትንሽ አጎደልኩ።"

እውነቷን ነበር፤ አስካለ አይታታለች። ጨው ከሰማይ አይወርድም። ዶሮው በጨውና በሎሚ ታጥቧል፤ ያ ግን ሠላሳውንም በአንድ ላይ ነው፣ ውኃውም ጥርት እስኪል ተለቃልቋል። ቅቤው ከአንድ ቅል ነው። ሽንኩርቱ ከአንድ ማዳበሪያ። ታዲያ ምን ተለየ?

በርበሬው ነዋ። የባለ ድግሷ የወይዘሮ አልማዝ በርበሬ መጀመሪያው ድስትና ቁሌቱ ላይ አለቀ። ለሁለተኛው ከጓዳ የወጣው እማማ ጥሩዬ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ጭነው ያመጡት ነው። አስካለ ሄዳ ከረጢቱን ፈታች፣ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አስቀመጠች። ቃጠሎው ከመድረሱ በፊት ጨዉ ደረሰ። የድሮ ሰው በርበሬ ሲያዘጋጅ ከነነጭ ሽንኩርቱ፣ ከነዝንጅብሉ፣ ከነበሶብላው ጨዉንም አብሮ ያስፈጨዋል። እማማ ጥሩዬ ያጠፉት ነገር የለም፤ በእሳቸው ቤት በርበሬ ማለት ይሄ ነው። ጥፋቱ ያለ ጨው የሚያስፈጭ ቤት በርበሬና ከነጨዉ የሚያስፈጭ ቤት በርበሬ በአንድ ጓዳ መገናኘታቸው ነው።

ከረጢቱን መልሳ አሰረች።

በዚህ መሐል የሙሽሪት አክስት ፀሐይ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ድግስን የሚጠብቁ ሴቶች ዓይነት አለ፤ አይልጡ፣ አይከትፉ፣ ግን ጭልፋ የት እንዳለ ያውቃሉ። ሳትጠየቅ ከሁለተኛው ድስት ቀመሰች።

"ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ! ማነው ይሄን ያደረገው? አንቺ ነሽ? አንቺ ልጅ ነሽ ጨዉን ስትይዢ ያየሁሽ!"

መሠረት አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ሽንኩርት ላጮቹ ከእሳቱ ዳር ቀና ቀና አሉ። በሩ ላይ እማማ ጥሩዬ በጋቢ ተጠቅልለው ቆመዋል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ይሁን ጩኸቱ ቀስቅሷቸው አይታወቅም።

"ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለች አስካለ። "ልጅቷን ተያት።"

"አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ ጨው ይጠፋሻል?"

"በዚህ ዕድሜዬ።"

"ታዲያ ሒሳቡ ላይ እንነጋገራለን፤ የአሥራ አምስት ዶሮ ዋጋ ቀላል እንዳይመስልሽ።"

"ሰባት ሰዓት ላይ ቅመሺና እንነጋገራለን።"

ከዚያ ምክር ዘነበ። አንዷ ድንች ልጣችሁ ጣሉበት አለች። አንዷ ሎሚ። አንዷ ስኳር ብትልም ወዲያው አፈረች። ድንች የሚለው በየቤቱ የሚነገር ነው፣ ግን ድንች ጨውን ለይቶ አይጠጣም፤ የሚጠጣው መረቁን ከነጨዉ ነው፣ የተረፈው ወጥ እንደነበረው ጨው ሆኖ ይቀራል። አሥራ አምስት ዶሮ ላይ ደግሞ ስንት ኪሎ ድንች ሊጣል ነው? ውኃ ቢጨመር ወጡ ይቀጥናል፣ ቀጥኖ ደግሞ እንጀራው ላይ እየተንጣለለ የሄደ ዶሮ ወጥ ለዓመት መነጋገሪያ ነው። ከመጀመሪያው ድስት ጋር ማደባለቅም ይቻል ነበር። አስካለ ያንን ለአንድ አፍታ አስባ ተወችው፤ አንድ የተበላሸ ድስትን ሁለት ግማሽ የተበላሹ ድስቶች ማድረግ ነው።

የሚያስፈልጋት ቁሌት ነው፤ ጨው ያልነካው፣ በርበሬው የበሰለ። ሽንኩርት አሁን ልጦ፣ ከትፎ፣ በደረቁ አብስሎ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ እስከማይል ማቁላላት የግማሽ ሌሊት ሥራ ነው።

ዞር ብላ ሦስተኛውን ድስት አየችው።

"መሠረት፣ ሁለት ንጹሕ ሳፋ አምጪ። ሽንኩርት ላጮቹን ደግሞ ቤት ውስጥ ሻይ አለ በያቸው።"

"የለም እኮ።"

"ይፈላላቸዋላ፤ ይግቡ።"

ጓሮው ጭር ሲል እሳቱን ከሁለተኛው ድስት ሥር ጎትታ ፍም ብቻ አስቀረች። ብልቶቹን እያንዳንዳቸውን በጭልፋ እያወጣች፣ መረቁን ወደ ድስቱ እያንጠፈጠፈች ሳፋው ላይ ደረደረች። አሥራ አምስት ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት አንድ መቶ ሰማንያ ነው። መሠረት ትቆጥራለች፤ የዶሮ ብልት መጉደል ከጨው የባሰ ጠብ ያነሳል። ከዚያ መረቁን ከግማሽ በላይ ቀድታ በሌላው ሳፋ ገለበጠች፤ ከሦስተኛው ድስት ደግሞ ያንኑ ያህል ቁሌት ጨልፋ ወደ ሁለተኛው መለሰች። በማማሰያ ከሥር እየገለበጠች አዋሐደችው። ቀለሙ አልተለየም፤ ሁለቱም ጥቁር ቀይ ናቸው። ቀመሰች፤ ለመሠረትም አቀመሰቻት።

"አሁንም ትንሽ ይላል እትዬ።"

"ይበል። እንቁላሉ ገና አልገባም።"

ብልቶቹን መለሰች፣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጨምራ በፍሙ ላይ ተወችው። ሥጋው የጠጣውን ጨው በአንድ ጊዜ አይመልስም፤ ጨው ባነሰበት መረቅ ውስጥ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ግን ይመልሳል። ቸኩሎ እሳት መጨመር ሥጋውን ከአጥንቱ ማላቀቅ ብቻ ነው።

መሠረት ሳፋ ሙሉውን የቀረውን መረቅ እያየች ቆማለች። "ይሄንስ የት እንድፋው?"

"ትደፊዋለሽ? የስንት ኪሎ ሽንኩርት ነው?"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

አስካለ የሰንጋውን ሥጋ ገለጠች። ጨው ጠብታ አልነካውም። የቀረውን ቁሌት እሳት አስጨምራ አሞቀች፣ ሥጋውን ጨመረች፣ ውኃውን እስኪመጥ አገላበጠች፣ ከዚያ ያንን ጨዋማ የዶሮ መረቅ እያየች እያየች አፈሰሰችበት። የፈላ ውኃ አከለች። "ይሄ ወጥ ጨው አይፈልግም" አለች፤ "ጨዉን ይዞ መጥቷል።"

"የዶሮ መረቅ በበሬ ሥጋ!" መሠረት አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ማንም ሰምቶ አያውቅም።"

"አይሰማማ።"

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ተቀምጠው እንቁላል ይልጡ ነበር። መሠረት እየላጠች ቆየችና ድንገት፣ "ለምን አልነገርሻትም?" አለች፤ ተናድዳ "እርስዎ" ማለቱን ረሳችው። "በርበሬው እንደሆነ አውቀሽ! እኔ በሰው ፊት ተሰድቤ!"

"ተሰድበሻል። ከኔ ድርሻ ሦስት መቶ ብር ጨምሬልሻለሁ።"

"ብሩን አላልኩም።"

አስካለ እንቁላሉን በቢላ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሳህኑ ላይ አኖረችው። "ሙሽሪትን ያሳደጉት እማማ ጥሩዬ ናቸው። እናትየዋ ዓረብ አገር ስትሠራ ሰባት ዓመት በእሳቸው እጅ ነው የኖረችው። በርበሬውን ሲያስፈጩ 'የልጄ ሠርግ' እያሉ ነው። በሩ ላይ ቆመው እያየሁ 'ወጡን ያበላሸው የእርስዎ ከረጢት ነው' ልበላቸው?"

"እኔንስ?"

"አንቺን 'እኔ ነኝ' ብዬ አስጣልኩሽ እኮ። ሌላ ምን ላድርግ፣ ልተኮስ?"

መሠረት ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የተላጠው እንቁላል ሁሉ ደህና ነበር፤ ከዚያ በፊት ግማሹን ቦጫጭቃዋለች።

በሰባት ሰዓት ሙሽሮቹ በእልልታና በመኪና ጡሩንባ ገቡ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ ሚዜዎቹ ጭፈራ ሌላ ሰው ይናገር፤ አስካለ ከጓሮ አልወጣችም። የምታየው ተመልሶ የሚመጣውን ሳህን ነው። ሠርገኛ አይዋሽም የሚባለው በሳህን ነው። ከሁለተኛው ድስት የተቀዳለት ረድፍ አጥንት ብቻ መለሰ። አይቡ ከሌላው ረድፍ ትንሽ ቀድሞ አለቀ፤ ያንን አስተውላ ለመሠረት በዓይኗ አሳየቻት። ፀሐይ አንድ ጊዜ መጥታ ከሁለተኛው ድስት ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች፣ ምንም ሳትል እንቁላል አንስታ ሄደች። ስለ ሒሳቡ ማንም አላነሳም።

እማማ ጥሩዬ ግን መጡ። በትራቸውን ተደግፈው፣ ድስቱን አሻግረው እያዩ፣ "ከየትኛው ነው የኔ በርበሬ?" አሉ።

"ከሁለቱም አለበት እማማ። ከዶሮውም ከሥጋውም።"

"ሰው የሥጋውን ነው የሚያወራው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ጨዉን ልክ አድርጌ ነበር ያስፈጨሁት" አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ ዓይኖቻቸውን ሳያነሱ። አስካለ ምንም አላለችም፤ በርጩማ ጎትታ ሰጠቻቸው፣ ከመጀመሪያው ድስት ፈረሰኛውን አውጥታ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ወርቋን የደረደረች ሴትዮ ጫማዋን ከጭቃው እየጠበቀች ጓሮ ገባች።

"የሥጋ ወጡን የሠራችው የትኛዋ ናት? አንቺ ነሽ? እጅሽ ይባረክ! ስንት ሠርግ በልቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን! ልጄን ከፋሲካ በኋላ ነው የምድር፣ ለሁለት መቶ ሰው። ያንኑ ወጥ ነው የምፈልገው፣ ዝንፍ እንዳይል። ስንት ኪሎ ሥጋ ልግዛ?"

አስካለ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ሥጋው ሃምሳ ኪሎ ይበቃል። አሥራ አምስት ዶሮም ያስፈልጋል።"

"ዶሮ? ለሥጋ ወጥ?"

"ዶሮውን እንግዳ ይበላዋል፣ አይጣልም። በርበሬውን ግን ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪ" አለችና ወደ እማማ ጥሩዬ አመለከተች።