ሥራ የምጀምርበት ቀን ወደ ታህሳስ 13 እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ

ህዳር 6 ቀን 2018
ደሴ

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ ለወይዘሮ ዘሃራ
ኮምቦልቻ

ሰላም ወይዘሮ ዘሃራ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሐሙስ ዕለት የላካችሁልኝ የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል። በከፍተኛ የንብረት ሂሳብ ባለሙያነት ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደመወዙን፣ የሥራ ዝርዝሩንና የሙከራ ጊዜውን አንብቤ ተስማምቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብዳቤው ሰኞ ህዳር 15 ሥራ እንድጀምር ይላል። እኔ ሰኞ ታህሳስ 13 ቀን 2018 እንድጀምር ቢፈቀድልኝ እወዳለሁ። ልዩነቱ አራት ሳምንት ነው።

ትናንት በስልክ ስናወራ «ሰዓዳ፣ ለሥራ አስኪያጁ የማሳየው እንዲኖረኝ ምክንያትሽን ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልኝ» ብለውኛል። ስለዚህ ደብዳቤው ትንሽ ረዘም ይላል። ይታገሱኝ።

አሁን የምሠራው ደሴ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። አራት ዓመት ሆኖኛል። በቅጥር ውሌ ላይ ሥራ ስለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደምሰጥ ተጽፏል፣ ፈርሜበታለሁ። ውሉ ባይኖርም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 31 ላይ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን እስካሁን አላስገባሁም። የእናንተ ደብዳቤ በእጄ ሳይገባ መልቀቂያ ማስገባት አልፈለግሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። የተስተካከለው ቀን እስከ ማክሰኞ ህዳር 9 በጽሑፍ ከደረሰኝ ረቡዕ ህዳር 10 መልቀቂያዬን አስገባለሁ። ከማግስቱ ሲቆጠር 30 ቀኑ አርብ ታህሳስ 10 ይሞላል። ቅዳሜ ጠዋት ክሊራንሴን አስፈርሜ ሰኞ ታህሳስ 13 እናንተ ጋ እገባለሁ። በመሃል አንድም የሥራ ቀን ለእረፍት አላስቀረሁም።

እርስዎ ትናንት ያነሱልኝን ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርደው አደርኩ። «የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ሳትጨርሺ ብትለቂ የምትከፍይውን ካሳ ድርጅታችን ሊሸፍንልሽ ይችላል» ብለውኛል። ይህን ያህል ስለፈለጋችሁኝ አመሰግናለሁ። ካሳው ከ30 ቀን ደመወዜ እንደማይበልጥም አውቃለሁ። ግን የሚይዘኝ ገንዘቡ አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት።

እዚህ የተቀጠርኩት ከእኔ በፊት የነበረው የንብረት ሂሳብ ሠራተኛ በድንገት ከለቀቀ በኋላ ነው። አርብ ሠርቶ ሰኞ አልመጣም። ማንም ሳያስረክበኝ ገባሁ። ቁልፉን የሰጠኝ የጥበቃ ሠራተኛው ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ መዝገቡ ላይ ያለው ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ካለው በ64 ኩንታል በለጠ። መዝገቡ አለ ይላል፣ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ጉድለቱ ወዲያው በእስቶር ኪፐሩ ላይ ተጣለ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው ነው። ከሥራ ታግዶ ሁለት ወር ቤቱ ተቀመጠ። ሰፈር ውስጥ «ሲሚንቶ ሸጠ» ተባለ። መስጊድ መሄድ እንኳ አፍሮ ነበር።

እኔ በየማታው የቆዩ ሰነዶችን እያገላበጥኩ ቆየሁ። በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ በተረሳ አንድ የወጪ ደረሰኝ ጥራዝ ላይ አገኘሁት። ዕቃው በትክክል ተሽጧል፣ ደንበኛውም ፈርሞ ወስዷል። ካርቦን ኮፒው እንዳለ ነበር። የለቀቀው ሰው ደረሰኞቹን ፒችትሪ ላይ ሳያስገባ ነው የሄደው። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢያስረክብ ኖሮ የሁለት ወር መከራ ባልመጣ ነበር። እስቶር ኪፐሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። ስሙ ግን እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት አይመስለኝም።

ዛሬ የእኔ ፊርማ ያለበት ሂሳብ የሦስት መጋዘን ነው። ሁለቱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። በየመጋዘኑ አንድ አንድ እስቶር ኪፐር አለ፣ ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከመሄዴ በፊት ሦስቱንም መጋዘን አብረን እንድንቆጥር እፈልጋለሁ። ቢን ካርዱን ከሲስተሙ ጋር አመሳክረን እኔም እነሱም የምንፈርምበት የርክክብ ሰነድ መኖር አለበት። ፌሮ መቁጠር ብቻ ለአንዱ መጋዘን ሦስት ቀን ይወስዳል፤ በየውፍረቱ ተለይቶ ነው የሚቆጠረው። በዚያ ላይ የህዳር ወር መዝጊያ አለ። ምትክ ሰው ከተገኘም ቢያንስ አንድ ሳምንት አጠገቤ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይሆንም። በ30 ቀን ግን ይሆናል፣ ቀን በቀን ጽፌ አይቼዋለሁ።

ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ 11 ቀን አለኝ። ከማስጠንቀቂያው ላይ አቻችዬ ቀደም ብዬ ልውጣ ወይ ብዬ አስቤም ነበር። ተውኩት። ቆጠራ ላይ ከሌለሁ መቆየቴ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ እናንተ ችግር ልምጣ። አሁን በቦታው ያለችው ባለሙያ ህዳር 20 እንደምትለቅ ነግረውኛል። ስለዚህ ቦታው ከሦስት ሳምንት ትንሽ በላይ ባዶ ይሆናል። ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔም ከዚህ ሆኜ የምችለውን ላድርግ።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ለኮምቦልቻው መጋዘናችን ሥራ ሐረጎን ወርጄ እመጣለሁ። ሥራዬን 10 ሰዓት ተኩል ላይ እጨርሳለሁ። ባለሙያዋ ከመልቀቋ በፊት ሐሙስ ህዳር 18 ከ11 ሰዓት ጀምሮ እናንተ ግቢ መጥቼ ላገኛት እችላለሁ። የት የት ምን እንዳለ፣ የትኛው አቅራቢ ጋ ያልተዘጋ ሂሳብ እንዳለ፣ የትኛው ደረሰኝ እንዳልተመዘገበ ታሳየኝ። እሷ አንድ ማታ ካልበቃት ቅዳሜ ህዳር 20 ከሰዓት በኋላም እመጣለሁ። ይህ በራሴ ሰዓት ነው፣ ክፍያ አልጠይቅበትም። እሷ ከመውጣቷ በፊት ያልገቡ ደረሰኞችን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ እንድትፈርም ግን አደራ እላለሁ። እኔ ባልመጣም ይህን አስደርጉ። ለእስቶር ኪፐሮቻችሁም መከታ ነው።

ሌላው የቅጥር ወረቀቱ ነው። የጤና ምርመራውን፣ የፖሊስ አሻራውንና የዋስ ደብዳቤውን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ሳይሆን በዚህ ወር ውስጥ እጨርሳለሁ። ዋስ የሚሆነኝ አጎቴ ነው፣ ተስማምቷል። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ለማውጣት ብቻ ነው የቀረው። የትምህርት ማስረጃዬን ዋናውን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬንና የጡረታ መለያ ቁጥሬን ህዳር 18 ስመጣ ይዤ እመጣለሁ። ታህሳስ 13 ስገባ ከወረቀት ጋር ቀን እንዳላባክን ነው።

የግማሽ ዓመት ቆጠራችሁ ታህሳስ 30 እንደሚሆን ነግረውኛል። ታህሳስ 13 ብገባ ለዝግጅቱ 17 ቀን ይኖረኛል። መሃል ላይ ገና አለ፣ እሱንም ቆጥሬዋለሁ። የቆጠራ ሥራ የለመድኩት ስለሆነ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ በዚያ ላይ አተኩራለሁ።

አሁን ያሉት አለቃዬ ምትክ ቶሎ አግኝተው ርክክቡም ቀድሞ ካለቀ፣ በፈቃዳቸው ቀደም ብለው ቢለቁኝ ሰኞ ታህሳስ 6 ልገባ እችላለሁ። ያን ጊዜ ወዲያው እደውልልዎታለሁ። ቃል የምገባልዎት ግን ታህሳስ 13ን ነው። ሊሆን በሚችል ነገር ላይ ቀን ቆርጬ ላሳስታችሁ አልፈልግም።

ሁለት ነገር ልለምንዎት።

ቀኑ ከተፈቀደ የቅጥር ደብዳቤው ላይ «ሥራ የሚጀመርበት ቀን» የሚለው ታህሳስ 13 ቀን 2018 ተብሎ ታርሞ፣ ማህተም ተደርጎበት ይላክልኝ። ስካን አድርጋችሁ በቴሌግራም ብትልኩልኝ ይበቃል፣ ዋናውን ህዳር 18 እወስዳለሁ። በቃል ብቻ እሺ ብትሉኝ መልቀቂያ ለማስገባት ድፍረት አላገኝም።

ሁለተኛ፣ እስከ ረቡዕ ህዳር 10 ድረስ ስለ እኔ ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤቴ እንዳይደወል። አለቃዬ መሄዴን ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እናቴ የታመመች ጊዜም ፈቃድ ከልክለውኝ አያውቁም። ከዚያ ቀን በኋላ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬንም ስለቅ ወስጄ አመጣላችኋለሁ።

ታህሳስ 13 በምንም መንገድ የማይሆን ከሆነም እባክዎ እስከ ማክሰኞ በግልጽ ይንገሩኝ። አልቀየምም። ሌላ ሰው መፈለግ ካለባችሁ ቶሎ ብትጀምሩ ይሻላችኋል፣ እኔም አቋሜን አውቄ ሥራዬ ላይ እቀመጣለሁ። ከልቤ የምመኘው ግን እናንተ ጋ መምጣትን ነው። ለቃለ መጠይቅ የመጣሁ ዕለት መጋዘናችሁን አሳይታችሁኝ ነበር። ጥጡ በየሎቱ ተለይቶ፣ ካርዱ በየመደርደሪያው ተሰቅሎ ሳይ እዚህ መሥራት አለብኝ ብዬ ነው የወጣሁት።

መደወል ከፈለጉ ከምሳ ሰዓት በኋላ ወይም ከ12 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ሥራ ላይ ስሆን ሰው ስለሚኖር በደንብ ማውራት አልችልም።

ከአክብሮት ጋር

ሰዓዳ ይመር
ደሴ