«87% ረክተዋል» የሚለው ጥናትሽ፦ የግምገማ አስተያየት

ሰላም እህቴ፣

ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዤ። አማካሪሽ «ሳትራራላት እይላት» ብለው ነው የላኩልኝ። አልራራሁም፤ ቅር እንዳይልሽ።

ከበጎው ልጀምር። የተመለሱትን ቅጾች ሁሉ ስካን አድርገሽ አባሪ አድርገሻል። የየቀበሌውን የስርጭትና የምላሽ ቁጥርም ሳትደብቂ አስቀምጠሻል። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ከታች የምነቅፈውን ሁሉ ያገኘሁት ራስሽ ካቀረብሽው ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ርዕሱ «የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት እርካታ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚገኙ 4 ቀበሌዎች» ይላል። መደምደሚያው ደግሞ «87% አባላት በአገልግሎቱ ረክተዋል»። እኔ ይህን መደምደሚያ አልቀበለውም። ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ከዚህ ጥናት እውነትነቱንም ሐሰትነቱንም ማወቅ አይቻልም ነው የምለው።

ጥያቄ 7ን እንየው፤ ጥናቱ የቆመው እሱ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የጤና መድን አቅም የሌለውን ወገን ከድንገተኛ የሕክምና ወጪ የታደገ መሆኑ ይታወቃል። እርስዎ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማን ጠየቀሽ? «ይታወቃል» ካልሽ በኋላ «እኔ አልረካሁም» የሚል ሰው ለድሃ የማያዝን ሊመስል ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ይሉኝታ ያውቃል። ጤናው እንዴት ነው ሲሉት አልጋ ላይ ተኝቶም «ተመስገን» ይላል። በዚያ ላይ አንቺ ገፋ አደረግሽው።

አማራጮቹ ይብሳሉ። በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ በመጠኑ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም። ሦስት በር ወደ እርካታ፣ አንድ በር ወደ ቅሬታ። መሃል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም። ከዚያ ሦስቱን ደምረሽ «ረክተዋል» አልሽ። ሠንጠረዥ 5ን ብትንትን አድርጌ አየሁት፦ በጣም ረክቻለሁ 22፣ ረክቻለሁ 51፣ በመጠኑ 67፣ አልረካሁም 21። ከ140ዎቹ «ረኪዎች» 67ቱ «በመጠኑ» ያሉ ናቸው። እነሱን ለብቻ ካቆምሻቸው ያለ ማመንታት ረክቻለሁ ያለው 73 ሰው ነው፤ ከ161 መላሾች 45% ማለት ነው። በእኛ ሰፈር «በመጠኑ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በትሕትና ቅር መሰኘቱን እየነገረሽ ነው። ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም፤ የገበያ ሴት መጠየቅ ይበቃል።

ጥያቄ 11፦ «መድኃኒት ከጤና ጣቢያው በወቅቱና በበቂ ሁኔታ ያገኛሉ?» ሁለት ጥያቄ በአንድ ከረጢት። በወቅቱ አግኝቶ ግማሹን ከግል ፋርማሲ የገዛ ሰው ምን ይበል?

ጥያቄ 14 ግን ጉድ ነው። «ዓመታዊ መዋጮው ብዙ አይደለም ብለው ያምናሉ?» አዎ/አይ። አንዱ «አዎ» ይላል፣ አዎ ብዙ አይደለም ለማለት። ሌላውም «አዎ» ይላል፣ አዎ ይበዛል ለማለት። ቅጾቹን ሳገላብጥ ቁጥር 88 ላይ አንድ ሰው «አዎ» ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጎን ላይ በእርሳስ «ከብዶናል» ብሎ ጽፏል። አንቺ መዋጮው አይበዛም ካሉት ጋር ቆጥረሽዋል። ይህ ጥያቄ አይጠገንም። ከትንተናው ይውጣ።

የቃል ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። በ1941 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ለግማሹ ሰው ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር «ይፈቀድ?» ተባለ፤ ለሌላው ግማሽ «ይከልከል?»። ሐሳብ የለንም ያሉትን ትተን ከመለሱት ውስጥ 75% ያህሉ «አይፈቀድ» ሲሉ፣ «ይከልከል» ያሉት ግን 54% ገደማ ብቻ ነበሩ። ነገሩ አንድ ነው፤ ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጠይቅ ነበር፦ «ባለፉት 12 ወራት ከቤተሰብዎ ሰው በመድን ደብተሩ ታክሞ ያውቃል?» አዎ ካለ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ በታከሙበት ቀን ከታዘዘው መድኃኒት ጤና ጣቢያው የሰጣችሁ ሁሉንም ነው፣ ከፊሉን ነው፣ ወይስ ምንም?» መድኃኒት ላልታዘዘለትም አንድ አማራጭ ይኑር። ሰው ስሜቱን ከሚመዝን የሆነውን ቢናገር ይቀለዋል። እርካታን መጠየቅ ግድ ከሆነ ያለ መግቢያ ጠይቂ፤ የቅሬታውና የእርካታው አማራጭ እኩል ይሁን።

ወደ ምላሽ መጠኑ ልለፍ። 422 ቅጽ በትነሽ 161 ተመለሰ፤ 38%። ረቂቁ ላይ «ላልተመለሱ ቅጾች ማካካሻ 10% ስለተጨመረ ችግሩ ተፈትቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሁላችንም እንጽፈዋለን። 384 ላይ 38 ደምሮ 422 ያላለ የአገራችን ተመራቂ ማን አለ? እኔም በመጀመሪያ ጥናቴ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ ያኔ ማንም አልጠየቀኝም። ማካካሻው ግን የሚያካክሰው ቁጥርን ነው። የቀሩት ሰዎች ከመጡት የተለዩ ከሆኑ አሥር እጥፍ ብትጨምሪም ልዩነቱ እዚያው ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ቅጽ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። የተላከላቸው ሰዎች ዝርዝር ራሱ ያዘነበለ ነበር፤ ከዚያም ላይ የመለሱትና ያልመለሱት አንድ አልነበሩም።

በሌላ በኩል 38% ዝቅተኛ ነው ብዬ ብቻ ጥናቱን አልጥለውም። ከዚህ በላይ ከሆነ ጥሩ፣ ከዚህ በታች ከሆነ መጥፎ የሚባል ወሰን የለም። ቁም ነገሩ የቀሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ የራስሽ ሠንጠረዥ 2 ይመሰክራል። አስፋልቱ ዳር ያለው ቀበሌ 1፦ ከ106 ቅጽ 71 ተመለሰ። ቀበሌ 2፦ ከ106፣ 48። ቀበሌ 3፦ ከ105፣ 29። ቁልቁል ቆላው ላይ ያለው ቀበሌ 4፦ ከ105፣ 13 ብቻ። አሁን እርካታውን (በአንቺው አቆጣጠር) አጠገቡ አስቀምጪው፦ 93%፣ 90%፣ 79%፣ 62%። ከአስፋልት በራቅሽ ቁጥር መላሹም ይመነምናል፣ እርካታውም ይወርዳል። ቀበሌ 4 ላይ 13 ሰው ጥቂት ነው፤ ለብቻው ብዙ አልልበትም። አቅጣጫው ግን አራቱም ላይ አንድ ነው።

ለየቀበሌው በተላከለት ቅጽ ልክ ክብደት ሰጥቼ ስመዝነው 87 ወደ 81 ወረደ። ይህም ቢሆን በየቀበሌው ውስጥ የቀሩት ከመለሱት ጋር አንድ ናቸው ብሎ የሚገምት ነው። ያ ግምት ያስፈራኛል። ለምን መሰለሽ፦

ቅጹን የላክሽው በ7ኛና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅ ቅጹን ምን ያደርገዋል? ወይ ይቀራል፣ ወይ ልጁ ይሞላለታል። ቢያንስ 9 ቅጾች ላይ ያየሁት ጽሕፈት የልጅ ነው፤ አንዱ ላይማ ቀኑ በደብተር ዘዬ ቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ከዚያ ደግሞ «ተማሪ የሌለበት ቤት በቀጣዩ ተተክቷል» የሚል አንድ መስመር ገጽ 12 ላይ አለ። ስንት ቤት? አልተጻፈም። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ገና ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት፣ ከመጀመሪያውም አልተጠየቁም። ስለዚህ 38% የተባለው ራሱ ከእውነተኛው በላይ ነው። የተተኩትን ቆጥረሽ አካፋዩ ውስጥ አግቢያቸው።

ጊዜውም ኅዳር ነው፤ አጨዳና ውቂያ። አንድ ሳምንት ነው የሰጠሻቸው። ቅጹ አናት ላይ ደግሞ የመድን ደብተር ቁጥር ይጠይቃል፤ የሚመለሰው በክፍል ኃላፊው መምህር በኩል ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ቁጥሩን ጽፎ ልጁ በሚማርበት ት/ቤት በኩል ይልካል ብለሽ ነው? የተበሳጨው ሰው ዝም ብሏል ብዬ እጠረጥራለሁ። ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል፦ ዓመቱን ሙሉ ያልታመመ ሰው ምን አገባኝ ብሎ ትቶት ይሆናል። ሁለቱም መዛባት ነው፤ አቅጣጫቸው ግን ለየቅል።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ያልመለሱት 261 ናቸው። አንዳቸውም ካልረኩ ከ422ቱ የረካው 33% ይሆናል። ሁሉም ከረኩ 95%። ግማሾቹ ከረኩ 64%። ይህ ሁሉ ጥያቄ 7 ጤነኛ ነው ብለን ነው እንግዲህ። አንቺ የጻፍሽው የ±5% ስሕተት ስለዚህ ክፍተት ምንም አይናገርም። እሱ የሚለካው ናሙና በመውሰድ የሚመጣውን የዕድል መዋዠቅ ብቻ ነው፤ ያውም ያቀድሽውን 384 እንጂ ያገኘሽውን 161 ይዞ አልተሰላም።

ምን ይደረግ? ጥናቱ አይጣልም። መጀመሪያ መዝገቡን ውሰጂ። የአባላት መዝገብ ላይ የቤተሰብ ብዛት፣ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ጾታ፣ ራሱ የሚከፍልና መንግሥት የሚከፍልለት ተለይቶ አለ። የመለሱትንና ያልመለሱትን በእነዚህ አነጻጽሪ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው፦ ከ261ዱ በዕጣ 50 ቤት አውጪና ራስሽ ሂጂ። በተስተካከለው ጥያቄ፣ በቃል፣ ያለ ደብተር ቁጥር ጠይቂ። ከመለሱት 161ም ጥቂት ቤት በዕጣ አውጥተሽ በዚያው ጥያቄ ድገሚያቸው፤ ያለበለዚያ ልዩነቱ ከሰዉ ይምጣ ከጥያቄው አይለይም። መልሱን ስትደምሪ እያንዳንዱ የ50ዎቹ ቤት ከአምስት ቤት ትንሽ በላይ ይወክላል (261÷50)። ሐንሰንና ኸርዊትዝ በ1946 ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ለዲግሪ ማሟያ አይከብድም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ግን ይዘሽ አትግቢ። ሰውየው የሚመልሰው ለእሷ ይሆናል።

ጊዜና ገንዘብ ከሌለሽ ደግሞ ርዕሱን ቀይሪ። «ቅጹን ሞልተው ከመለሱ 161 አባላት የተገኘ አስተያየት» በይው፤ 87ቱን ከማጠቃለያው አውጪ፤ አራቱን የእርካታ ቁጥሮች ሳትደምሪ አቅርቢ። በዚህ መልኩ ከመጣ እኔ አሳልፈዋለሁ። አሁን ባለው መልኩ አላሳልፈውም።

መስክ የምትወጪ ከሆነ በ12 ወይም በ21 አድርጊው። ገበሬው በዓል ስለሚያከብር ቤቱ ታገኚዋለሽ። ቀበሌ 4 የምትወርጂ ቀን ግን ማልደሽ ተነሺ፤ መመለሻው ዳገት ነው።