የግል መግለጫ፦ ለውስጥ ደዌ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ማመልከቻ

ለተከበራችሁ የቅበላ ኮሚቴ አባላት፣

የሕክምና ትምህርቴን አጠናቅቄ በጠቅላላ ሐኪምነት ማገልገል ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ይህን ማመልከቻ የማቀርበው በውስጥ ደዌ ሕክምና ለመሠልጠን፣ ከሥልጠናውም ጎን ለጎን በሩማቲክ የልብ ሕመም ክትትል ላይ የጀመርኩትን ምርምር ለመቀጠል ነው። የሕክምና ፍላጎቴንና የምርምር ልምዴን ለየብቻ ማቅረብ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሁለቱም መልክ የያዙት በአንድ ስህተት ምክንያት ስለሆነ፣ ከስህተቱ መጀመር ይሻለኛል።

አምስተኛ ዓመት ሳለሁ ለመመረቂያ ጥናት የመረጥኩት ርዕስ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዝላቸውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሳያቋርጡ መውሰድ አለመውሰዳቸውን ከልብ ክትትል ክሊኒክ ካርዶች ላይ ማየት ነበር ሥራው። ሕመሙ የሚጀምረው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ልቡን ሲያጠቃ ሲሆን፣ ጥቃቱ በተደጋገመ ቁጥር በቫልቮቹ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ይበረታል። መርፌው የቆየውን ጠባሳ አያጠፋም፤ ሌላ እንዳይጨመርበት ይከላከላል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና በኡጋንዳ ልጆችና ታዳጊዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ሕመማቸው ገና በልብ አልትራሳውንድ ብቻ ከሚታይ ተሳታፊዎች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8.2 በመቶ ነበሩ። ይህን ያህል የሚጠቅም መድኃኒት ለምን ይቋረጣል የሚለው ጥያቄ ለአንድ ተማሪ በቂ ሆኖ ታየኝ።

በአምስት ወር ውስጥ 214 ካርዶችን አገላበጥኩ። በላስቲክ የታሰሩትን እየፈታሁ፣ የእያንዳንዱን ካርድ የላይኛውን ጥግ በእርሳስ የጥናት ቁጥር እየሰጠሁ፣ የመርፌ ቀኖቹን ወደ ቅጹ ገለበጥኩ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከካርዶቹ የተወሰኑትን ለብቻው ደግሞ መዝግቦ ውጤታችንን አስተያየን፤ ከታዘዘው መርፌ ቢያንስ 80 በመቶውን የወሰደ ታካሚ ‘ሳያቋርጥ የወሰደ’ ተብሎ እንዲቆጠርም ወሰንን። አሠራሩ ሥርዓት ያለው ስለነበር በውጤቱ ላይ ያለኝ እምነት ከሚገባው በላይ ነበር። በ61 ካርዶች ላይ ከስድስት ወር በላይ ምንም መርፌ አልተመዘገበም፤ እኔም እነዚህን ሁሉ ‘አቋርጠዋል’ ብዬ ሞላሁና በውይይት ክፍሉ ውስጥ ስለ ታካሚዎች ግንዛቤ ማነስ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበቡት አማካሪዬ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፦ “ባዶውን ሳጥን ‘አልወሰደም’ ብለህ የሞላኸው ማን ነግሮህ ነው?” ጥያቄውን በውስንነቶች ክፍል ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። ጥናቱ ጥሩ ውጤት አገኘ፤ እኔም ተመረቅሁበት ማለት ይቻላል።

ጥያቄው የተመለሰልኝ በኢንተርንነት ዓመቴ፣ በውስጥ ደዌ ዋርድ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ነው። የ24 ዓመት ወጣት መተኛት አቅቷት፣ እግሮቿን ከአልጋው አንጠልጥላ፣ በሁለት እጆቿ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ እንደተቀመጠች ተረከብኳት። የማይትራል ቫልቧ ከጠበበ ቆይቷል፤ በዚያ ቀን የልብ ምቷ ሥርዓቱን ስቶ ከ150 በላይ ደርሶ ነበር። ልብ በዚህ ፍጥነት ሲመታ ደም በጠባቡ ቫልቭ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፤ ያላለፈው ወደ ኋላ እየተገፋ በሳንባ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ኦክስጅን፣ በደም ሥር ፉሮሰማይድ እና የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ከሲኒየሬ ጋር እየተመካከርኩ ጀመርኩላት። ወደ ንጋት ላይ ትራሷን ከፍ አድርጋ ዐይኗን ለመክደን ቻለች። ያኔ ካርዷን ዘርግቼ ታሪኳን ለመጻፍ ስዘጋጅ በላይኛው ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ 117 ቁጥር አየሁ። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነበር።

በጥናቴ ውስጥ ቁጥር 117 ‘አቋርጠዋል’ ከተባሉት አንዷ ነበረች። ስትነቃ መርፌውን መቼ እንዳቆመች ጠየቅኳት። “አላቆምኩም” አለችኝና ከቦርሳዋ አንዲት ጠርዟ የተጨማደደ ደብተር አወጣች። በውስጧ በተለያየ ቀለም እስክሪብቶ የተጻፉ 17 ቀኖች፣ ከእያንዳንዱም አጠገብ የነርስ ፊርማ ነበሩ። ክሊኒኩ ስለሚርቃት መርፌውን በቅርቧ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ትወስድ ነበር፤ ቀኖቹ በሰልፍ ሲሄዱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሦስት ወር ክፍተት ነበራቸው። ምክንያቱን ስጠይቃት “መድኃኒቱ የለም ተባልኩ” አለችኝ። ይህ ሁሉ በካርዷ ላይ አልነበረም። ካርዷ ላይ የነበረው በቀይ የተጻፈ ‘ክትትል ያቋረጠች’ የሚል ማስታወሻ ነው። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው የተሳሳተው እኔ በተሳሳትኩበት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ስህተቱን በ61 ሰዎች ላይ ደጋግሜ፣ በሠንጠረዥ አስደግፌ ማቅረቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥናቱን ከፍቼ እንደገና ለመሥራት አማካሪዬን አስፈቀድኩ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም የተሻሻለውን ፕሮቶኮል ካጸደቀ በኋላ ከተረኝነት ውጭ ባሉኝ ሰዓቶች ለ61ዱ ታካሚዎች ስልክ መደወል ጀመርኩ። ያገኘሁት 38ቱን ነው። 15ቱ መርፌውን ሌላ ቦታ ይወስዱ ነበር። የቀሩት ምክንያት ይለያያል፤ አንዳንዶቹ የመርፌውን ሕመም፣ አንዳንዶቹ ርቀቱን፣ ሁለት እናቶች ደግሞ እርግዝና ላይ እያሉ እንዲያቆሙ የተነገራቸው መሆኑን ጠቀሱ፤ መርፌው በእርግዝና ጊዜም የሚቀጥል መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። አራቱ በሕይወት አልነበሩም። ከአራቱ ስለ አንዷ የነገሩኝ አባቷ ናቸው። በፊቴ ያለው ቅጽ ‘መርፌውን ይወስዳሉ ወይ?’ የሚል ጥያቄና ሁለት ሳጥኖች ብቻ ነበሩት። ቅጹን አስቀምጬ አባትየው የሚሉትን አዳመጥኩ፤ ልጃቸው መርፌውን መፍራት የጀመረችው አንድ ጊዜ ከተወጋች በኋላ ወድቃ ስለነበር ነው። ከባድ የቫልቭ ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ታካሚዎች ከመርፌው በኋላ የሚደርስባቸው አደጋ ሁልጊዜ ከአለርጂ የሚመጣ ሳይሆን በተዳከመ ልብ ላይ የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ የሚከሰት ሊሆን እንደሚችል፣ ለእነዚህም በአፍ የሚወሰድ አማራጭ ሊታሰብ እንደሚገባ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር አንብቤያለሁ። ያነበብኩት ግን ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

የተስተካከለው ጽሑፍ ርዕሱም ድምዳሜውም ተለውጦ ለኅትመት ተልኮ በግምገማ ላይ ይገኛል። ስለ ግንዛቤ ማነስ የጻፍኳቸው ሁለት ገጾች ወጥተዋል።

የውስጥ ደዌን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቀዶ ሕክምናም ሆነ የኅብረተሰብ ጤና በተማሪነቴ ስበውኝ ነበር፤ በተለይ የኅብረተሰብ ጤና ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ለመድረስ የሚያስችል መስሎ ይታየኝ ስለነበር ወደዚያ ለማመልከት ቅጽ እስከመሙላት ደርሼ ነበር። በዋርድ ያሳለፍኩት ጊዜ ግን የሚመቸኝን ሥራ አሳየኝ፦ የረጅም ጊዜ ሕመም ያለበትን ሰው ለዓመታት መከታተል፣ ታሪኩን በየጊዜው እንደ አዲስ መጠየቅ፣ በካርዱና በሰውየው መካከል ያለውን ልዩነት መፈለግ። ለዚህ ግን ጥሩ ጠያቂ መሆን ብቻ አይበቃም። የልብ ድምፅን በጆሮዬ ለይቼ በልብ አልትራሳውንድ ማረጋገጥ፣ በከፍተኛ ሁኔታ የታመመን ሰው ያለ ሲኒየር እርዳታ ማረጋጋት፣ ከልብ ሕመሙ ጋር የሚመጣውን የኩላሊትና የጉበት ችግር አንድ ላይ አስቦ ማከም እፈልጋለሁ፤ በእነዚህ ሁሉ ገና ጀማሪ ነኝ።

በምርምርም የሚጎድለኝን አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ትንታኔ የሠራልኝ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር፤ የጎደለ መረጃ በዕድል የጎደለ ነው ወይስ ራሱ ስለ ታካሚው አንድ ነገር ይናገራል የሚለውን ጥያቄ አሁን ብረዳውም፣ በትንታኔ ውስጥ እንዴት እንደሚስተናገድ በራሴ መሥራት አልችልም። ፕሮግራማችሁ ለሬዚደንቶች ከሚሰጠው የምርምር ዘዴ ሥልጠና በዋናነት የምጠብቀው ይህን ነው።

በሥልጠናው ጊዜ ልሠራው የማስበው ጥናት የቁጥር 117ን ደብተር መነሻ ያደረገ ነው። ታካሚው ራሱ የሚይዘው፣ መርፌውን የሰጠው ባለሙያ የትም ይሁን የት ቀኑንና ፊርማውን የሚያስቀምጥበት አንድ ገጽ ካርድ አዘጋጅቼ፣ ከክሊኒኩ መዝገብ ጋር በየሦስት ወሩ እየተመሳከረ ‘አቋርጧል’ የሚባለው ታካሚ ቁጥር ምን ያህል እንደሚለወጥ ለአንድ ዓመት ወደፊት እየተከታተልኩ መመልከት እፈልጋለሁ። የልብ ምታቸው ሥርዓት ለሳተ ታካሚዎች በዚያው ካርድ ላይ የዋርፋሪን መጠንና የአይ.ኤን.አር. ውጤት የሚጻፍበት ክፍል ጨምሬያለሁ፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናት በእነዚህ ታካሚዎች ላይ የዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒቶች ከሪቫሮክሳባን የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ስላሳየ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የሚጠይቀው ሕክምና አብሮን መቆየቱ አይቀርም። አንድ ስጋት አለኝ፤ ደብተሩን ጠብቆ የሚይዝ ታካሚ ቀድሞውኑ መርፌውን የማያቋርጥ ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የተሻለ ንድፍ የሚጠቁመኝ አማካሪ ካገኘሁ ጥናቱን ከመጀመሬ በፊት ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።

የካርዱን ረቂቅ መርፌ ለሚሰጡ ሦስት ነርሶች አሳይቼ ነበር። ሁለቱ የፊርማው ቦታ ጠበበ ስላሉኝ አስፍቼዋለሁ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ‘መድኃኒቱ አልነበረም’ የሚል ሳጥን እንድጨምር ነገረችኝ። የተስተካከለው ካርድ ከፕሮቶኮሉ ረቂቅ ጋር ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካች