ለአያቴ፦ ታብሌትዎን ወደ አማርኛ ስለ መለወጥ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እማማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ከጦሳ ግርጌ ሁላችንም ደኅና ነን። አክስቴ ከአሜሪካ የገዛችልዎ ታብሌት እንግሊዝኛ በመሆኑ መቸገርዎን ስለሰማሁ፣ ወደ አማርኛ የሚለወጥበትን መንገድ እጽፍልዎታለሁ፤ ደብዳቤውን አጠገብዎ አስቀምጠው በዝግታ ይከተሉ።

በመጀመሪያ ዙሪያው ጥርስ ያለው ክብ ምስል ያለበትን Settings ይንኩ። ዝርዝሩ ሲከፈት እስከ ታች ይውረዱና System የሚለውን፣ ቀጥሎም Languages የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይንኩ፤ ይኸው ቃል ያለበት ሌላ መስመር ከመጣም እርሱን ይንኩ። እዚያ የመደመር ምልክት ያለበትን Add a language ሲነኩ የብዙ አገር ቋንቋዎች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ፊደል ስለተጻፈ «አማርኛ» የሚለውን ያለማንም እርዳታ ያነቡታል፣ እኔንም ከሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ነው።

ከነኩት በኋላ አማርኛ ከእንግሊዝኛው በታች ይሰለፋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፦ በቀኝ በኩል ያሉትን አጫጭር አግድም መስመሮች በጣትዎ ተጭነው፣ ሳይለቁ፣ ከእንግሊዝኛው በላይ ይጎትቱት። ማረጋገጫ ከጠየቀዎ Change የሚለውን ይንኩ።

አንዳንድ መተግበሪያዎች አማርኛ ስለሌላቸው በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ ታብሌቱ ተበላሽቶ አይደለምና አይስጉ። ካስቸገረዎ ቅዳሜ ስደውልልዎ አብረን እንሞክረዋለን።

የልጅ ልጅዎ፣
ሰዒድ