የፀጉር ቅባት፣ የከንፈር ቅባትና ሳሙና በሱቅዎ እንዲሸጥልኝ የቀረበ ጥያቄ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለገጣፎ

ለወይዘሮ ዘነበች
የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ባለቤት
የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ ሦስት ምርቶቼን ተሸጦ በሚከፈል ስምምነት እንዲይዙልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ወይዘሮ ዘነበች፦

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትዕግሥት እባላለሁ፤ ለገጣፎ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ከአንዲት ረዳቴ ጋር የፀጉር ቅባት፣ የከንፈር ቅባትና ሳሙና እሠራለሁ። ወደ ሱቅዎ በደንበኝነት ሦስት ጊዜ ያህል መጥቻለሁ። መጨረሻ በመጣሁበት ዕለት አንዲት እናት ለልጃቸው ፀጉር ሽቶ የሌለው ቅባት ሲጠይቁዎት፣ እርስዎ ሁለት ዓይነት አውርደው ካሳዩአቸው በኋላ ሁለቱም ሽቶ እንዳለባቸው ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ሴትየዋም ሳይገዙ ሄዱ። እኔ የምሠራው የፀጉር ቅባት ሽቶ የለውም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተደፋፈርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የፀጉር ቅባቱ ከጋምቤላ ከሚመጣ የሺአ ቅቤ፣ ከጉሎ ዘይትና ከጥቂት የንብ ሰም የተሠራ ነው። ሰሙን የማገኘው ከጠጅ ሰፈፍ ሲሆን፣ እዚሁ ደጋግሜ አቅልጬና አጥልዬ የጠጁ ሽታ እስኪለቀው ድረስ አነጥረዋለሁ። ለጋ ቅቤ ተቀብተው ያደጉ ሰዎች ልስላሴውን ሲያውቁት ሽታውን ግን አያገኙትም፤ ቢሮ የሚውሉ ደንበኞቼ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። በውስጡ ውኃ የሚባል ነገር ስለሌለ በቀላሉ አይሻግትም፤ በተሠራ በ12 ወር ውስጥ ቢያልቅ እመክራለሁ፤ ቀኑም በየቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። የተልባ ጄል ለምን እንደማልሠራ ብዙዎች ይጠይቁኛል፤ ውኃ ስላለው ያለ በቂ መከላከያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ እኔ ደግሞ ለመከላከያው የሚያስፈልገውን ልኬትና ፍተሻ በሚገባ እስክችል ድረስ ወደ ሱቅ ማስገባት አልፈልግም።

የከንፈር ቅባቱ ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ሰሙ በርከት ስለሚል ጠንከር ይላል። ይህ የምንገኝበት ወቅት ብርዱና ደረቁ ነፋስ ከንፈር የሚሰነጥቅበት በመሆኑ ከሦስቱ ፈጥኖ የሚሸጠው እርሱ ይመስለኛል። ሳሙናው ደግሞ ከኮኮናት፣ ከጉሎና ከኑግ ዘይት በኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ሲሆን፣ ከተቆረጠ በኋላ ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ እየደረቀ ካልቆየ አላወጣውም። ኑጉን ያሳነስሁት ዘይቱ ቶሎ የመጎምዘዝ ጠባይ ስላለው ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ላሳስብዎ። ቅባቶቹ ሙቀት አይወዱም፤ የሺአ ቅቤ የሚቀልጠው ከሰውነታችን ሙቀት ባልራቀ መጠን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ የፀጉር ቅባቱን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ደርድሮልኝ ሙሉ ካርቶን ቀልጦ ከቆርቆሮው ፈሰሰ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር፣ አላስጠነቀቅሁምና። ቀልጦ በዝግታ የረጋ ቅባት እንደ ሸርካታ ዱቄት በጣት ላይ ቅንጣት ቅንጣት ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በእጅ ሲታሽ ይጠፋል፤ ደንበኛ ግን ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። ስለዚህ በሱቅዎ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ያለው፣ ጥላ የሆነው መደርደሪያ ቢፈቀድልኝ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ቅንጣት የሠራ ቆርቆሮ ካጋጠመ ደግሞ በአዲስ እለውጣለሁ።

ደንበኞች “ፀጉር ያበቅላል ወይ?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አያበቅልም። ፀጉር ያለሰልሳል፣ እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ያግዛል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልጻፍሁበትም፤ እርስዎም ከዚህ አልፈው ቃል እንዳይገቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቆዳ የሚያነጣ ነገርም አልሠራም፣ ወደፊትም አልሠራም። ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫዎች ኩላሊት እንደሚጎዱ እየታወቀ ዛሬም የሚፈልጋቸው ሰው መኖሩን ስለማውቅ ይህን ገበያ ትቼ መሄዴ ምን ያህል እንደሚያሳጣኝ ይገባኛል።

ስለ ዋጋው፦ 100 ግራም የሚመዝነውን የፀጉር ቅባት በ260 ብር፣ 10 ግራሙን የከንፈር ቅባት በ70 ብር፣ 90 ግራሙን ሳሙና በ85 ብር አቀርብልዎታለሁ። ለደንበኛ በ330፣ በ95 እና በ110 ብር ቢሸጡ ለሁለታችንም የሚበጅ ይመስለኛል፤ በሌሎች ሁለት ሱቆችም የሚሸጠው በዚሁ ነው፤ አንዱ ሱቅ ከሌላው እንዳይጣላ ስል ዋጋው እንዲጠበቅ እጠይቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ 12 የፀጉር ቅባት፣ 24 የከንፈር ቅባትና 20 ሳሙና ላምጣ። የዚህ ሁሉ የማቅረቢያ ዋጋ 6,500 ብር ሲሆን፣ ተሸጦ ካለቀ ለሱቅዎ 1,940 ብር ያተርፋል። ከውጭ ከሚገቡት ታዋቂ ቅባቶች አንዳንዶቹ ከእኔ እንደሚረክሱ አውቃለሁ፣ በዋጋ ልወዳደራቸው አልችልም። የእኔን የሚገዛ ሰው ምን እንደተቀባ በአማርኛ አንብቦ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ስለዚህም የተጨመረውን ሁሉ ከብዛቱ ቅደም ተከተል ጋር በማሸጊያው ላይ አስፍሬያለሁ።

በመጀመሪያው ዙር አስቀድመው ምንም አይከፍሉም። ዕቃውን በዝርዝር ፈርመው ይረከቡኛል፤ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ የተሸጠውን እንቆጥራለን፣ ሒሳቡንም በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ እንደሚመችዎ ይከፍሉኛል፤ እኔም ለተሸጠው ደረሰኝ እሰጣለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ያልሄደውን፣ ክዳኑ ያልተከፈተ እስከሆነ ድረስ፣ በራሴ ወጪ እመልሳለሁ። ለመሞከሪያ የሚሆን አንድ የፀጉር ቅባትና አንድ የከንፈር ቅባት ከቁጥሩ ውጭ በነፃ አስቀምጣለሁ፤ ደንበኞች በጣት ከመንካት ይልቅ እንዲጠቀሙባቸው ትናንሽ የእንጨት ማንኪያዎችም አብረው ይመጣሉ። ገበያው ካገኘን ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግማሹን ሲረከቡ፣ ግማሹን ሲሸጥ እንዲከፍሉ ልንስማማ እንችላለን፤ ይህን ግን ያኔ እንነጋገርበታለን።

የንግድ ፈቃዴንና ከሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል የተሰጠኝን የብቃት ማረጋገጫ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። እያንዳንዱ ምርት የተሠራበት ዙር ቁጥር ስላለው፣ ማንም ሰው ቆዳው ቢቆጣ ወይም ቅሬታ ቢኖረው ቁጥሩን ብቻ ቢነግሩኝ ከየትኛው ጭነት እንደወጣ ከመዝገቤ አገኘዋለሁ፤ ገንዘቡንም ያለ ክርክር እመልሳለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከሦስቱም አንዳንድ ናሙና ልኬአለሁ። ሳሙናውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቢጠቀሙበት፣ ቅባቱን ደግሞ በአጠገብዎ ላለችው የፀጉር ሠሪ ቢያሳዩአት ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ይልቅ የእርሷ አስተያየት እንደሚመዝን አስባለሁ፣ ነቀፌታም ካላት እሰማለሁ። በመጪው ሳምንት ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ገዢ በማይበዛበት ጊዜ፣ ሱቅዎ መጥቼ መልስዎን እጠይቃለሁ። ሰዓቱ የማይመች ከሆነ ስልኬ በናሙናዎቹ ማሸጊያ ላይ አለ፤ በአጭር መልእክት ቢነግሩኝ በሌላ ቀን እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ትዕግሥት
የቅባትና የሳሙና አምራች
ለገጣፎ

አባሪ፦ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፣ የብቃት ማረጋገጫ ቅጂ፣ ሦስት ናሙናዎች