የተከራየሁትን ክፍል ለስድስት ወር በሌላ ሰው ለማስያዝ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለእትዬ አስካለ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ግቢ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስገርምዎት። እሁድ ቡና ላይ ላነሳው አስቤ ነበር፤ ጎረቤት ስለበዛ ተውኩት። ውላችንም ላይ ተከራይ ክፍሉን ለሌላ ሰው የሚሰጠው አከራይ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው ይላል። ለልጅዎም ማሳየት ይፈልጉ ይሆናል ብዬ በወረቀት አደረግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በየክረምቱ እየተመላለስኩ የምማረውን ማስተርስ ያውቃሉ። የቀሩኝን ኮርሶችና የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጨረስ ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው መቀመጥ አለብኝ። መሥሪያ ቤቴ ፈቅዶልኛል፤ የሚከፍለኝ ግን ግማሽ ደመወዝ ነው። በዚያ ላይ ባሕር ዳርም የቤት ኪራይ አለብኝ። የእርስዎን 6,500 ብር ቤቱን ቆልፌ ልክፈል ብል አልችልም። ለቅቄ ልሂድ ብል ደግሞ ስመለስ እንዲህ ያለ ግቢ የት አገኛለሁ?

ስለዚህ ለእነዚህ ስድስት ወራት ክፍሉን ቤተልሔም ለምትባል ልጅ እንዳከራይ እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። የአክስቴ ልጅ የሥራ ባልደረባ ናት፤ እዚሁ ሰፈር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። 27 ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው የምትገባው። ባለፈው ፋሲካ ሽሮ ልታደርስልኝ የመጣችው ቀጭኗ ልጅ ናት፤ ቦቢ ያልጮኸባት። እኔን እንኳ ሦስት ወር ሙሉ ሲጮህብኝ ነበር።

ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ያደረገዎትን አልረሳሁም። ቁልፉን ለጓደኛው ሰጥቶ ጠፋ፤ ጓደኛው ሦስት ሰው ጨመረ፤ የአራት ወር መብራትና ውኃ በእርስዎ ላይ ቀረ። "ሁለተኛ የማላውቀው ሰው ግቢዬ አይገባም" ማለትዎ ትክክል ነው። እኔም እርስዎን ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ለዚህ ነው ሁሉንም አስቀድሜ የምነግርዎት።

ተከራይዎ እኔው ነኝ። ሐምሌ 2016 ወረዳ ሄደን ያስመዘገብነው የሁለት ዓመት ውል አይነካም። ኪራዩን እንደ ወትሮው ወር በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ከእኔ ሒሳብ ወደ እርስዎ ሒሳብ አስገባለሁ። ልጅቷ ብትዘገይ እንኳ እኔ አልዘገይም፤ ከእሷ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ለእኔም የምትከፍለው ያንኑ 6,500 ብር ነው፤ አንድ ብር አላተርፍባትም። የመብራትና የውኃ ድርሻዋን ለእርስዎ በእጅ ትሰጣለች። የሚሰበር፣ የሚበላሽ ነገር ካለ እኔ አሠራለሁ። አልጋዬና ፍሪጄም እዚያው ስለሚቀሩ እኔም ንብረቴን ትቼ ነው የምሄደው።

የግቢውን ሥርዓት ነግሬያታለሁ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ በሩ እንደሚቆለፍ፣ እንግዳ እንደማያድር፣ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱ የእርስዎ እንደሆነ ታውቃለች። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ውኃ ሲመጣ ሮቶውን የምሞላው እኔ ስለሆንኩ እሱን ተረክባለች። ትልቁ በር ከፍ ካላደረጉት ቁልፉ እንደማይዞር ግን ራሷ መጥታ ብትሞክረው ይሻላል፤ በወሬ የሚገባ ነገር አይደለም።

የፋይዳ መታወቂያዋን ኮፒና የአክስቴን ልጅ ስልክ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ወረዳ ማሳወቅ ያስፈልጋል ከተባለ የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ እርስዎ በዚያ ጉልበት ሰልፍ አይቆሙም። እንዲያዩዋትም ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት ልምጣ። ካላማረችዎት ይንገሩኝ፤ አልቀየምም፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ጭራሽ ሰው አይገባም ካሉም ቁርጡን ብሰማ ይሻለኛል። ያኔ ውሉን እንዴት እንደምናቋርጥ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ከተስማሙ ከፊርማዬ ሥር "ፈቅጃለሁ" ብለው፣ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙልኝ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ እርስዎ ጋ ይቀራል። ጓዜን የምጠቀልለው ከመስቀል በኋላ ስለሆነ እስከ መስከረም 10 ቢነግሩኝ ይበቃኛል።

አክባሪዎ
ትዕግሥት
(የጀርባው ክፍል ተከራይ)